ቦንዱ 5% ይላል፣ እጃችሁ የሚገባው ግን 3.2% ቢሆንስ?

አሜሪካ ውስጥ በስልካችሁ ቦንድ ልትገዙ ስትሉ ለአንዱ ቦንድ ሁለት የትርፍ መቶኛ ልታዩ ትችላላችሁ፦ YTM እና YTC። የትኛውን ነው የምታምኑት?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ ቦንድ አውጪዎች የውሉ ጊዜ ሳያልቅ "ገንዘባችሁን እንኩ፣ ጨርሰናል" የማለት መብት ውሉ ላይ ያስገባሉ። YTM ቦንዱን እስከ መጨረሻው ቀን ብትይዙት የምታገኙት ዓመታዊ ትርፍ ነው። YTC ደግሞ ቀድመው ቢመልሱላችሁ የምታገኙት።

በቁጥር እንየው። የ1,000 ዶላር ቦንድ ነው፣ በዓመት 60 ዶላር ወለድ ይከፍላል፣ የሚያልቀው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። አውጪው ግን ከ3 ዓመት በኋላ 1,000 ዶላር መልሶ ሊዘጋው ይችላል። ወለዱ ጥሩ ስለሆነ ገበያ ላይ ዋጋው 1,080 ደርሷል፣ እናንተም በዚሁ ገዛችሁ።

👉 10 ዓመት ከቆየ ትርፉ 5% ገደማ ነው።

👉 በ3 ዓመት ከተዘጋ 180 ዶላር ወለድ ትሰበስባላችሁ፣ ግን 1,080 ከፍላችሁ የሚመለስላችሁ 1,000 ነው። 80ው ሲቀነስ የቀረው 100 ዶላር ብቻ! በዓመት ሲሰላ 3.2% ገደማ።

ታዲያ ይዘጉታል? መብቱ የእነሱ እንጂ የእናንተ አይደለም። ወለድ በገበያው ከወረደ አውጪው በርካሽ ተበድሮ የእናንተን ውድ ብድር ይዘጋል። ያኔ ገንዘባችሁ ቢመለስም እንደ ድሮው 6% የሚከፍል ቦንድ አታገኙም። ለልጅ ትምህርት ብላችሁ 10 ዓመት ሙሉ በ60 ዶላሩ ያቀዳችሁት ነገር በ3ኛው ዓመት ይፈርሳል።

"እንግዲያው ሁሌ YTCን ልመን?" አይደለም። ያንኑ ቦንድ በ920 ብትገዙት ስሌቱ ይገለበጣል፦ YTC 9.2%፣ YTM 7.1% ገደማ ይሆናል። 9.2% ያጓጓል፣ ነገር ግን ገበያው 920 የሚያወጣውን ቦንድ አውጪው ለምን ብሎ በ1,000 ይዘጋዋል? እዚህ ላይ የሚታመነው YTM ነው።

ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው ከሁለቱ ዝቅተኛውን ይይዛል። ስክሪን ላይ YTW የሚባለው እሱ ነው። የአሜሪካ የከተማና የግዛት ቦንድ ስትገዙም ደላላው በሚልክላችሁ ማረጋገጫ ላይ ዝቅተኛውን እንዲያሰላ ደንቡ ያስገድደዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ፦ ዋጋው አውጪው ሲዘጋ ከሚመልሰው ይበልጣል ወይ? መጀመሪያ መዝጋት የሚችለው መቼ ነው? መዝጊያ ቀኖቹስ ስንት ናቸው? ብዙ ከሆኑ የአንዱን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፣ ዝቅተኛው ትርፍ ሌላኛው ቀን ላይ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ YTW የሚሰላው አውጪው በትክክል ይከፍላል ተብሎ ነው። ከከሰረ ይሄም ቁጥር አያድናችሁም።