ከአሥራ ሦስቱ ስንቱ? ያላለቀ ሰርተፊኬትን በሲቪና በፕሮፋይል ላይ ስለ መግለጽ

ለአንድ የሒሳብ ባለሙያ ክፍት የሥራ ቦታ ሁለት ሰዎች አመለከቱ እንበል። በሁለቱም ሲቪ ላይ «ኤሲሲኤ፣ በመማር ላይ» የሚል መስመር አለ። አንደኛው ከተመዘገበ ገና አራት ወሩ ነው፤ አንድም ፈተና አልወሰደም። ሁለተኛዋ ግን የቀራት አንድ ፈተና ብቻ ነው። ሁለቱም አልዋሹም። ቀጣሪው ግን የትኛው የት እንደደረሰ ከመስመሩ ማወቅ አይችልም፤ ብዙ ማመልከቻ ያገላበጠ ሰው ደግሞ እንዲህ ሲጠረጥር ወደ ዝቅተኛው ነው የሚገምተው። በደፈናው የተጻፈ መስመር ብዙ የሚጎዳው እንግዲህ ብዙ የተጓዘውን ሰው ነው።

ኤሲሲኤ በ1904 በለንደን የተመሠረተ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። የሚሰጠው ሙያዊ ማረጋገጫ በአዲስ አበባ ባንኮች፣ የኦዲት ድርጅቶችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዘንድ በደንብ ይታወቃል፤ የሥራ ማስታወቂያዎችም «ኤሲሲኤ ያለው» ወይም «ፓርት ኳሊፋይድ» እያሉ ይጠይቃሉ። ጉዞው ረጅም ስለሆነ ሥራ ፈላጊው አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ እያለ ነው የሚያመለክተው። የደረሰበትን በትክክል እንዲናገር ደግሞ የመንገዱን ምዕራፎች መለየት አለበት።

ተማሪዎቹ «ፔፐር» የሚሏቸው ፈተናዎች 13 ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ መሠረታዊ ዕውቀትን፣ ቀጣዮቹ ስድስቱ ሕግን፣ ታክስን፣ ኦዲትን፣ የፋይናንስ ሪፖርትንና የመሳሰሉትን ይፈትናሉ፤ የመጨረሻዎቹ አራቱ የስትራቴጂ ደረጃ ይባላሉ። የእያንዳንዱ ማለፊያ 50 ከመቶ ነው። ከፈተናው ሌላ የሥነ ምግባር ሞጁል አለ፤ በተጨማሪም በተቆጣጣሪ የተረጋገጠ የ36 ወር የሥራ ልምድ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ ሲሟሉ ነው ሰው አባል ለመሆን የሚያመለክተው።

ማኅበሩ ለየምዕራፉ የራሱ ስያሜ አለው። ተመዝግቦ ፈተና ላይ ያለው «ተማሪ» ነው። 13ቱን ጨርሶ ልምዱን ወይም ሌላውን መስፈርት ገና ያላሟላው «አፊሊዬት» ይባላል። ሁሉን አሟልቶ ተቀባይነት ያገኘው «አባል» ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ አራቱን ፊደላት ACCA ብሎ የመጻፍ መብት ያለውም እሱ ብቻ ነው። ተማሪ ይቅርና አፊሊዬት እንኳ ይህን ማድረግ አይችልም። ፈተናውን ሁሉ የጨረሰ ሰው «ምን ቀረኝ» ብሎ ፊደላቱን ከስሙ ጋር ሲያያይዝ ከራሱ ማኅበር ደንብ ጋር ይጋጫል፤ ተማሪዎችም አፊሊዬቶችም በማኅበሩ የሥነ ምግባር ደንብ ይገዛሉና። ለማጣራትም አስቸጋሪ አይደለም፤ አባል መሆን አለመሆንን ማንም ሰው በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ ፈልጎ ማየት ይችላል። «ፓርት ኳሊፋይድ» የሚለው የሥራ ገበያው ቃል ደግሞ አንድ ፔፐር ያለፈንም አሥራ ሁለት ያለፈንም ስለሚያቅፍ ቁጥር ካልተከተለው ብዙም አይናገርም።

ሰው ሳያስበው ከሚሳሳትባቸው ቦታዎች አንዱ የሊንክድኢን ፕሮፋይል ነው። እዚያ Licenses & certifications የሚል ክፍል አለ። የሚጠይቀው የሰርተፊኬቱን ስም፣ የሰጠውን ድርጅት፣ የተሰጠበትን ቀን (Issue date) እና መለያ ቁጥሩን (Credential ID) ነው። ቅጹ የተዘጋጀው በእጅ ላለ ሰርተፊኬት ስለሆነ «ገና ነው» የሚባልበት ሳጥን የለውም። ተማሪው ስሙን ሞልቶ ቀኑን ባዶ ሲተወው፣ ወይም የተመዘገበበትን ቀን በ Issue date ሲያስገባ፣ አንባቢው የሚያየው ያለቀ ሰርተፊኬት ነው። ተማሪው «እኔ አለኝ አላልኩም» ቢል፣ የመደበበት ቦታ ብሎለታል።

ትክክለኛው ቦታ Education የሚለው የትምህርት ክፍል ነው። እዚያ የመጨረሻው ቀን የሚጠበቅ ቀንም ሊሆን እንደሚችል ቅጹ ራሱ ስለሚገልጽ፣ ያላለቀ ትምህርት ቦታውን ያገኛል፤ ከሥሩም ዝርዝር መጻፊያ አለ። ብዙዎች የሚፈሩት «ከሰርተፊኬት ክፍል ካወጣሁት ቀጣሪዎች ሲፈልጉ አያገኙኝም» ብለው ነው። ነገር ግን ኤሲሲኤ የሚለው ስም በትምህርት ክፍሉም ሆነ በራስ መግለጫው ውስጥ ስላለ በቃል የሚፈልግ ቀጣሪ ያገኘዋል። ልዩነቱ ሲያገኘው የሚያነበው እውነተኛውን ደረጃ መሆኑ ነው።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። በአካውንቲንግ ዲግሪ ያላት፣ በአንድ አስመጪ ድርጅት የምትሠራ ወጣት ናት እንበል። በዲግሪዋ ምክንያት ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ፔፐሮች ነፃ ተደርጋለች፤ ተማሪዎቹ «ኤግዘምፕሽን» የሚሉት ይህን ነው። ከዚያ የሕግ፣ የአፈጻጸም አመራርና የፋይናንስ ሪፖርት ፔፐሮችን ተፈትና አልፋለች። ለዲሴምበር የኦዲት ፔፐር ተመዝግባ ከፍላለች። አሁን ፕሮፋይሏ ላይ ከስሟ ሥር የሚነበበው «የሒሳብ ባለሙያ፣ ኤሲሲኤ» የሚል ነው።

መጀመሪያ ይህ መስመር «የሒሳብ ባለሙያ፣ የኤሲሲኤ ተማሪ» መሆን አለበት። በትምህርት ክፍሉ ደግሞ እንዲህ ብትጽፍ ይበቃል፦ «ኤሲሲኤ፣ የተመዘገበ ተማሪ። ከ13 ፔፐሮች 6 ተጠናቀዋል፤ 3 በፈተና፣ 3 በኤግዘምፕሽን። ቀጣይ፦ ኦዲት፣ ዲሴምበር፣ ተመዝግቤያለሁ።»

በዚህ አጭር ጽሑፍ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ሥራ አለው። «የተመዘገበ ተማሪ» ማኅበሩ ራሱ የሰጣት ስያሜ ነው። «ከ13ቱ 6» የሚለው ቀጣሪው ርቀቱን ሳይጠይቅ እንዲያየው ያደርጋል። ኤግዘምፕሽኑን ለይቶ መጻፍ ያስፈለገው፣ ስድስቱንም ተፈትና ያለፈች እንዳይመስል ነው፤ በማኅበሩ መዝገብ ሁለቱም እንደተሟሉ ቢቆጠሩም፣ የኦዲት ሥራ አስኪያጅ የሚያስበው የፋይናንስ ሪፖርትን በፈተና ማለፏን ነው፤ ይህን ማወቁም ይጠቅማታል። ያለፈቻቸውን ፔፐሮች በስም ብትዘረዝርም ጥሩ ነው፤ የሪፖርት ባለሙያ የሚፈልግ ድርጅት የሪፖርቱን ፔፐር ካየ የቀሩትን ሰባቱን ያን ያህል ላያስባቸው ይችላል። የፈተና ወራቱን በአውሮፓውያኑ አጠራር መተው የሚሻለው፣ ማኅበሩ የሚጠቀመው ያንኑ ስለሆነና «ታኅሣሥ» ቢባል ቀኑ ስለሚያወላዳ ነው።

በመስመሩ ላይ የሌለው «በዚህ ዓመት እጨርሳለሁ» የሚለው ነው። የሚጠበቀው የማጠናቀቂያ ቀን ሐቀኛ ሰው እንኳ በቀላሉ የሚሳሳትበት ነገር ነው። ፈተናው በዓመት አራት ጊዜ፣ በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር ይሰጣል። ሰባት ፔፐር ለቀራት ሰው፣ በየፈተናው ወቅት አንድ አንድ ብትወስድና አንድም ባትወድቅ ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ትጨርሳለች። በአገራችን ግን የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። በሒሳብ መዝጊያ ሰሞን የጁንን ፈተና የሚተው ሠራተኛ ብዙ ነው። ሦስት ወቅት ብቻ ከቆጠርን ሰባቱ ከሁለት ዓመት በላይ ይወስዳሉ። ስለዚህ ቅጹ የማጠናቀቂያ ዓመት ካስገደዳት በዚህ ስሌት የወጣውን ታስገባለች፤ ካላስገደዳት የተመዘገበችበትን ቀጣይ ፈተና ብቻ መጻፉ ይሻላል። የተከፈለበት ፈተና በማስረጃ የሚታይ ነገር ነው፤ የምረቃ ዓመት ግን ግምት ነው።

ቃለ መጠይቅ ላይም «መቼ ትጨርሻለሽ?» መባሉ አይቀርም። «ሰባት ቀርተውኛል፤ ሥራውን እየሠራሁ በዓመት ሦስት ለመውሰድ አስቤያለሁ» የሚለው መልስ ከማንኛውም ቃል ኪዳን ይልቅ ይታመናል፤ ለፈተና ፈቃድ መቼ እንደሚያስፈልጋትም ቀጣሪው ከወዲሁ ያውቀዋል። የኦንላይን ማመልከቻ ቅጽ «ኤሲሲኤ አለዎት?» ብሎ «አዎ» እና «የለም» ብቻ ከሰጠ መልሱ «የለም» ነው። የደረሰችበትን በማመልከቻ ደብዳቤው ወይም ቅጹ በሚፈቅደው ሌላ ቦታ ትገልጸዋለች። ብዙ ድርጅት ከመቅጠሩ በፊት ዋናውን ማስረጃ ከኮፒው ጋር ስለሚያመሳክር፣ «አዎ» ያለ ሰው ሰነድ ክፍል ሲደርስ የሚያሳየው ያጣል።

ከሁሉ የሚከብደው የቆመ ጉዞ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አራት ፔፐር አልፎ ከዚያ በኋላ ያልተፈተነ ሰው «በመማር ላይ ነኝ» ቢል እውነት ነው ወይ? ዓመታዊ ክፍያውን አቋርጦ ከመዝገብ ተሰርዞ ከሆነ፣ ዳግም እስኪመዘገብ ድረስ «ተማሪ» የሚለውም አይሠራለትም። ያለፋቸው ፔፐሮች ግን የእሱ ናቸው፤ «የኤሲሲኤ 4 ፔፐሮችን አልፌያለሁ» ብሎ ዓመተ ምሕረቱን ጨምሮ መጻፍ ይችላል። በስትራቴጂ ደረጃ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ በዚያ ደረጃ የመጀመሪያውን ፔፐር ካለፈ በኋላ ቀሪዎቹን የሚጨርስበት የሰባት ዓመት ገደብ አለ፤ ገደቡ ሲያልፍ ቀድሞ ያለፈው የስትራቴጂ ፔፐር ይወድቅበታል። ፕሮፋይሉ ላይ ያለው ቁጥርም አብሮ መቀነስ አለበት።

እዚህ ድረስ ያየነው በየደረጃው የሚቆጠር ነገር ላለው ሰርተፊኬት ነው። እንደ ሲስኮው ሲሲኤንኤ ባለ በአንድ ፈተና በሚያልቅ ሰርተፊኬት ላይ የሚቆጠር መካከለኛ ደረጃ የለም። የሲስኮ አካዳሚ ሦስቱን የሲሲኤንኤ ኮርሶች ያጠናቀቀ ሰው የኮርስ ማጠናቀቂያ አለው፤ ሲሲኤንኤ የሚባለው ግን 200-301 የተባለውን ፈተና ሲያልፍ የሚገኘው ነው። ኮርሱን በኮርሱ ስም፣ ፈተናውን «ለመፈተን በዝግጅት ላይ» ብሎ ለያይቶ መጻፍ ሁለቱንም በየቦታቸው ያስቀምጣቸዋል።

ወደ ወጣቷ እንመለስና የዲሴምበሩን ኦዲት ብትወድቅስ? ፕሮፋይሏ ላይ «ወደቅሁ» ብላ የመጻፍ ግዴታ የለባትም። «ከ13ቱ 6» የሚለው ዛሬም እውነት ነው፤ የሚለወጠው «ቀጣይ» የሚለው ወር ብቻ ነው። ስላልተሳካው ፈተና በቀጥታ ከተጠየቀች ግን በቀጥታ ትመልሳለች። ካለፈች ደግሞ ውጤቱ በወጣ ቀን ስድስቱን ሰባት ታደርጋለች። መስመሩ በዚህ ዓይነት ሲጻፍ በየፈተናው ወቅት የሚታደሰው አንድ ቁጥርና አንድ ወር ብቻ ነው።