አራት እንቁላል ስንት ነው?

አሜሪካ ወይም እንግሊዝ የምትኖር እህት ለልጅ ልደት ወይም ለሠርግ የሚሆን የኬክ አሠራር ጽፋ መላኳ የተለመደ ነው። ዱቄቱ በኩባያ፣ ቤኪንግ ፓውደሩ በማንኪያ ተለክቶ ይጻፋል። እንቁላሉ ጋ ሲደረስ ግን "4 እንቁላል" ተብሎ ይታለፋል። መቂ ያለችው እኅታችንም ከገበያ ካመጣችው ውስጥ አራቱን ቆጥራ ትሰብራለች። ኬኩ ከምድጃ ሲወጣ ዝቅ ያለና ደረቅ ይሆናል፤ ቢላ ሲነካውም ይፈረፈራል። በዚህ ጊዜ እሳቱ ይታማል፣ ቤኪንግ ፓውደሩ ይታማል፣ አንዳንዴም ኩባያው ይታማል። እንቁላሉን የሚጠረጥር ሰው ግን አይገኝም፤ ምክንያቱም አራት ተባለ፣ አራት ገባ።

ለመሆኑ አራት እንቁላል ስንት ነው? በአሜሪካ እንቁላል በመጠን ተለይቶ ይሸጣል። በኬክ አሠራሮች ላይ የሚታሰበው "ትልቅ" የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ደርዘኑ ከነቅርፊቱ ቢያንስ 680 ግራም ይመዝናል። አንዱ 57 ግራም ያህል ማለት ነው። ቅርፊቱ ሲወገድ 50 ግራም ገደማ ይቀራል። እዚያ ያለች ሴት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ካርቶን ስለምትገዛ መጠኑን መጻፍ ትዝ አይላትም። እርስዋ "4 እንቁላል" ስትል የምትለው 200 ግራም እንቁላል ነው። የእንግሊዟ እህት ደግሞ ሌላ ናት። በእንግሊዝና በአውሮፓ ገበያ "ትልቅ" የሚባለው ከ63 እስከ 73 ግራም የሚመዝነው ነው፤ ስለዚህ የእርስዋ አራት ትልልቅ እንቁላል ያለ ቅርፊት ወደ 240 ግራም ይጠጋል። አንዱ ቃል በሁለት አገር ሁለት ነገር ነው።

አሁን ወደ መቂ ገበያ እንምጣ። እዚህ እንቁላል በፍሬ እንጂ በኪሎ አይሸጥም። ከዱግዳ ገጠር ቀበሌዎች በጭድ ታሽጎ የሚመጣው የአበሻ እንቁላል አንዱ 40 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚያ የሚያንስም የሚበልጥም አለ። ዶሮዋ ራስዋ ትንሽ ናት፤ የምትበላውም ግቢ ለግቢ ጭራ ያገኘችውን ነው። ከደብረ ዘይት በኩል በትሪ ተደርድሮ የሚመጣው የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ55 እስከ 60 ግራም ይሆናል። ነገር ግን "የፈረንጅ ነው" ብቻ ማለት አያስተማምንም። መጣል የጀመረች ቄብ ዶሮ ዘርዋ የፈለገው ቢሆን መጀመሪያ ትንንሽ ትጥላለች። በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ደግሞ ዶሮ መብል ትቀንሳለች፤ መብል ስትቀንስ እንቁላልዋም ያንሳል፣ ቅርፊቱም ይሳሳል።

የአስኳሉ ቀለምም ሊያታልለን አይገባም። የአበሻ እንቁላል አስኳሉ ደማቅ ቢጫ ስለሆነ ኬኩን ያሳምረዋል፣ ጣዕሙንም ብዙ ሰው ይመርጠዋል። ቀለሙ የመጣው ዶሮዋ ከምትለቅመው ቅጠልና ሣር ነው እንጂ ከመጠኑ ጋር አይገናኝም።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንስላው። አሜሪካኖች "አንድ ሁለት ሦስት አራት" የሚሉት የቆየ ኬክ አላቸው። አንድ ኩባያ የገበታ ቅቤ፣ ሁለት ኩባያ ስኳር፣ ሦስት ኩባያ ዱቄት፣ አራት እንቁላል፤ በዚህ ላይ አንድ ኩባያ ወተትና ሦስት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይጨመራል። ለማስታወስ የሚመች ስም ነው፤ እኛን የሚያስተን ግን ይኸው "አራት" የሚለው ነው። ከመቂ ገበያ የገዛችሁት ስድስት የአበሻ እንቁላል በባለ ሱቁ ሚዛን ላይ 240 ግራም መዘነ እንበል። አንዱ 40 ግራም ነው። ከዚህ ላይ ከመቶ አሥራ ሁለት ያህሉን ለቅርፊት ቀንሱ፤ 35 ግራም ይቀራል። አራቱን ብቻ ብታስገቡ 140 ግራም ይሆናል። አሠራሩ የሚፈልገው 200 ስለሆነ 60 ግራም ጎደለ ማለት ነው፤ ይህ ከአንድ ሙሉ የአሜሪካ እንቁላል ይበልጣል። በወረቀቱ ላይ አራት፣ በሳህኑ ላይ ግን ሦስት እንኳ አልሞላም። ስድስቱንም ብትሰብሩ 210 ግራም ይሆናል። አሥር ግራም መብለጡ አያስጨንቅም፤ በዚህ መጠን ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት ኬኩ አያውቀውም። የእንግሊዟ እህት አሠራር ቢሆን ኖሮ ግን ሰባት የአበሻ እንቁላል ባስፈለገ ነበር።

"ሊጡ ከወፈረ ወተት ጨምሬ አቀጥነዋለሁ" የሚሉ አሉ። ሊጡ በእርግጥ ይቀጥናል፤ ኬኩ ግን አይድንም። ከእንቁላል አራት እጅ ሦስቱ ውኃ ነው፤ ወተቱ የሚተካው ይህንን ብቻ ነው። የቀረው አንድ እጅ ሙቀት ሲነካው የሚጠነክርና ኬኩን እንደ ምሰሶ የሚያቆመው ነው። እሱ ሲጎድል ኬኩ መሐሉ ላይ ይሰምጣል፣ ሲቆረጥም ይፈረፈራል። ሲበዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ኬኩ እንደ ስፖንጅ ጫማ ይለጠጣል፣ ከሥሩ እርጥብና ጠጣር ንብርብር ይሠራል፣ የእንቁላል ሽታውም ይጎላል። ቆርጣችሁ ስታዩ የትኛው እንደደረሰባችሁ ለመለየት አያስቸግርም።

መቂ ላይ የእንቁላል ጉድለት ጉዳቱ ሁለት እጥፍ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 ሜትር ከፍ ይላል። አሠራሩ ግን ብዙውን ጊዜ ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ ነው። ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ኬኩ ውስጥ ያለው አየር ቶሎ ይነፋል፤ ኬኩም ሳይጠነክር ከፍ ብሎ መልሶ ይወድቃል። ስለዚህ እንቁላሉን ከማሳነስ ትንሽ ማብዛት ይሻላል። ከሦስቱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርም ግማሹን ማንኪያ መቀነስ ጥሩ ነው።

ሚዛን የሌለው ቤትስ? በብዙዎቻችን ቤት ከሚዛን የበለጠ የሚገኝ መለኪያ አለ፤ የሕፃን ጡጦ። በጎኑ ላይ የተጻፈው ሚሊ ሊትር ለእንቁላል በደንብ ያገለግላል፣ አንድ ሚሊ ሊትር እንቁላል አንድ ግራም ያህል ስለሚመዝን። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በትንሽ ሳህን ሰብሩ፤ አንዱ የተበላሸ ቢሆን ሌላውን አያጠፋባችሁም። ከዚያ ነጩና አስኳሉ እስኪዋሃድ ብቻ በሹካ ምቱት። አረፋ እስኪያወጣ ከመታችሁት ጡጦው ያታልላችኋል፤ አረፋ ቦታ ይይዛል እንጂ አይመዝንም። አረፋ ከሠራም እስኪሰክን ጥቂት ጠብቁ። አሠራሩ 4 የአሜሪካ እንቁላል ካለ እስከ 200፣ 3 ካለ እስከ 150፣ 2 ካለ እስከ 100 ቅዱ። የተረፈችውን ለጠዋት ፍርፍር ጨምሩ። የሾርባ ማንኪያ ግን ለዚህ አልመክርም። በአሠራሮቹ ላይ የሚጠቀሰው 15 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ነው፤ የገበያችን ማንኪያ ደግሞ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም።

ቤት ውስጥ አራት የአበሻ እንቁላል ብቻ ካለና ገበያው ከተዘጋ፣ እንቁላሉን ከማብዛት ሌላውን ማሳነስ ይቻላል። 140 ግራም ከ200 ላይ ሲታይ ከአሥር ሰባት እጅ ነው። ሁሉንም ነገር በዚያው ልክ መቀነስ ነው፤ ዱቄቱ ሦስት ኩባያ የነበረው ሁለት ኩባያና ጥቂት ይሆናል፣ መጋገሪያውም ያነሰ ይመረጣል። ከዚህ የሚቀለው ግን እንግሊዞች ከድሮ ጀምሮ የሚሠሩበት ዘዴ ነው። እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ሚዛን ላይ ያስቀምጡና በክብደቱ ልክ ቅቤ፣ በክብደቱ ልክ ስኳር፣ በክብደቱ ልክ ዱቄት ይመዝናሉ። አራቱ የአበሻ እንቁላል 160 ግራም ከመዘነ ሌላውም እያንዳንዱ 160 ነው። የፈረንጅ ሆኖ 230 ከመዘነ ሌላውም 230 ይሆናል። ይህ አሠራር እንቁላሉ ስንት መሆኑን አይጠይቅም፤ ምን ያህል መሆኑን እንጂ። ባለ ሱቁን ሚዛን ለምናችሁ አንዴ ብትሞክሩት ለመቂ እናቶች የሚሆነው ይኸኛው ነው ባይ ነኝ።

ይህ ሁሉ ሒሳብ የማያስፈልግበትም ቦታ አለ። ለፍርፍርና ዳቦ ለመቀባት መጠኑ አያሳስብም። በዶሮ ወጥ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የሚቀየረው ሰዓቱ ነው። ከፈላ በኋላ ለትልቁ የፈረንጅ እንቁላል 12 ደቂቃ ቢያስፈልግ፣ ለአበሻው 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ሁለቱን በአንድ ድስት ከቀቀላችሁ ትንንሾቹን ቀድማችሁ አውጡና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ክተቱ። በአስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ካያችሁ ከመጠን በላይ በስሏል ማለት ነው።

ስለ ዕድሜውም ጥቂት እንበል። በሁዳዴ ጾም ወራት ገበያ ላይ ፈላጊ ስለሚቀንስ እንቁላል ይከማቻል፣ ይረክሳልም። በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በኩል ውኃው እየተነነ ስለሚሄድ በሙቀት የቆየ እንቁላል ውጪው ሳይለወጥ ውስጡ ይጎድላል። ውኃ ውስጥ ስትከቱት ተጋድሞ ከተኛ ትኩስ ነው፤ ቁሞ ከታየ ቆይቷል፤ ከተንሳፈፈ ለኬክ አይሆንም።

ዋጋውንም ባልና ሚስት አብረው ቢያሰሉት ይጠቅማል። ሦስት የፈረንጅ እንቁላል በውስጡ ከአራት የአበሻ እንቁላል በጥቂቱ ይበልጣል። የአበሻው አራቱ ከፈረንጁ ሦስቱ የሚበልጥ ዋጋ ከተጠየቀበት፣ ለኬክ የፈረንጁን ገዝቶ የአበሻውን ለሚቀምሱት ሰዎች ማቆየት ይሻላል። አባወራው ወደ ገበያ ሲላክም "አራት እንቁላል" ተብሎ ባይላክ ጥሩ ነው። ወረቀቱ ላይ "ለኬክ፦ 6 የአበሻ፣ ከሌለ 4 የፈረንጅ፣ ትንንሽ ከሆኑ 5" ተብሎ ይጻፍለት።