«መደምደሚያ ላይ አዲስ ነገር አይገባም»፦ ተረትና እውነታ

ይህ አባባል ከአማካሪ ወደ ተማሪ ሲወርድ ስንት ጊዜ ሰማሁ! ተማሪውም እሺ ብሎ አብስትራክቱን ይገለብጥና «ተጠንቷል» የሚለውን «ተጠንቶ ነበር» አድርጎ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዘጋል። በብርድ ከቤት ቤት እየዞረ የሰበሰበው መረጃ ምን እንደሚያስተምር ሳይነግረን ይመረቃል።

አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። በመደምደሚያ አዲስ ሰንጠረዥ ወይም በውጤት ምዕራፍ ያልታየ ግኝት አይገባም። የተከለከለው ግን አዲስ ማስረጃ እንጂ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ብዙ ጊዜ የምዕራፉ ርዕስ «ማጠቃለያ፣ መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ» ነው፤ ተማሪው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ይሠራል። ማጠቃለል የተባለውን መሰብሰብ ነው፤ መደምደም ከተሰበሰበው ተነስቶ ፍርድ መስጠት ነው።

አንድ ተማሪ በሳንቃ በር ዙሪያ ከብት ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ለምን እንደሚገባ አጠና እንበል። ፓርኩ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር፤ ግጦሽም አንዱ ስጋት ስለሆነ ጥያቄው ተራ አይደለም። ተማሪው ከብቱ በብዛት የሚገባው ማሳው ገብስ በተዘራበት በክረምት መሆኑን አገኘ እንበል። አብስትራክቱ ይህን ይናገራል። መደምደሚያውም ይህንኑ ደግሞ «ለአርሶ አደሩ ግንዛቤ ይሰጥ» ቢል፣ ይህን ምክር ከደባርቅ ከተማ ሳይነሳም ሊጽፈው ይችል ነበር። እኔ የምፈትሽበት መንገድ ይኸው ነው፦ መረጃው ሳይሰበሰብ ሊጻፍ የሚችል ዓረፍተ ነገር መደምደሚያ አይደለም።

ግኝቱ በራሱ ግን ብዙ ይናገራል። ችግሩ የክረምት ከሆነ፣ በበጋ የሚታደል መኖ ጊዜውን ስቷል፤ የገብሱ ጭድ እስከ ክረምት የሚቆይበት መላ ያስፈልጋል። የጥበቃ ሠራተኞች ስምሪትም በዚያው ወቅት ሊጠናከር ይገባል። ቀጥሎ ድክመቱ ይመጣል፦ መልሱ የተገኘው በአንድ ወቅት፣ ለመንገድ በቀረቡ ሁለት መንደሮች ሰዎችን በመጠየቅ፣ ከትዝታ ነው እንበል። ስለዚህ የሚቀጥለው ተመራማሪ ዓመቱን ሙሉ በየወሩ የገባውን ከብት ይቁጠር፤ ከመንገድ የራቁ መንደሮችንም ያካትት። «ወደፊት ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብሎ ማለፍ ለዚህ ሰው ምንም አይሰጠውም።

ከግኝት ምን ያህል ርቆ መሄድ እንደሚቻል ድንበሩ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። እኔ ከሁለት መንደር ተነስቶ ስለ ተራሮቹ ሁሉ ከመፍረድ «ሊሆን ይችላል» ማለትን እመርጣለሁ።

«የጥናትን ጉድለት መናገር ነጥብ ያስቀንሳል» የሚሉም አሉ። ፈታኙ ጉድለቱን ያየዋል፤ አንተ ቀድመህ ብትነግረው ይሻላል። «ምክረ ሐሳብ ለመንግሥት ነው» ማለትም ለማንም አለመናገር ነው፤ ሥራውን የሚሠራውን ጽሕፈት ቤት ጥቀስ።

ጽሑፍህን ከማስረከብህ በፊት አብስትራክቱንና መደምደሚያውን ጎን ለጎን አስቀምጥ፤ በመደምደሚያው ብቻ ያለውን ዓረፍተ ነገር አስምርበት። የምታሰምርበት ካጣህ መደምደሚያህን ገና አልጻፍከውም።