ሳቁ በስንተኛው ፍሬም ላይ ይመጣል?

አንድ ሀብታም ሰው ከሚስቱ የተተወለትን ደብዳቤ ያነባል። መጠጥ እስኪያቆም ድረስ ከእሱ ተለይታ እንደምትኖር ጽፋለታለች። ሰውየው ፎቶዋን አንስቶ ያየዋል፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ጠረጴዛው ይዞራል። ትከሻው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። «ምስኪን፣ ተንሰቅስቆ እያለቀሰ ነው» እንላለን። ጥቂት ቆይቶ ሲዞር ግን ፊቱ ላይ ጠብታ እንባ የለም። ኮክቴል እየናጠ ነው!

ይህን ቀልድ ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በሠራው «ዘ አይድል ክላስ» በተባለ አጭር ፊልም ውስጥ ታገኙታላችሁ። ድምፅ የለውም፤ የካሜራ ተንኮልም የለበትም። አንድ ጀርባ፣ አንድ ትከሻ፣ አንድ መዞር ብቻ ነው። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ቻፕሊን ራሱ ምንም አለመዋሸቱ ነው። «እያለቀሰ ነው» ያልነው እኛው ነን። እሱ ያደረገው ደብዳቤውን ማሳየት፣ እጁን መደበቅና እኛ የተሳሳተውን ታሪክ በራሳችን እስክንጨርስ መጠበቅ ነው። የዝምታ ኮሜዲ ቀልድ ስትጽፉ የምትጽፉት በዋናነት ይህችን የመጠበቂያ ጊዜ ነው፤ መለኪያዋም ፍሬም ነው።

ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሚሄድ አንዱ ፍሬም አርባ ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል። «ትንሽ ቆይቶ ይዞራል» ብሎ መጻፍ ለልብ ወለድ ይበቃ ይሆናል፤ ለዓይን ቀልድ ግን አይበቃም። 20 ፍሬም ከቆየ ተመልካቹ ገና አላመነም። 100 ፍሬም ከቆየ ደግሞ መጠርጠር ጀምሯል። ሳቁ ያለው በእነዚህ መካከል ነው።

ከፍሬም በፊት ግን ወረቀት ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የመጀመሪያው ተመልካቹ የሚያየው፣ ሁለተኛው ተመልካቹ የሚያምነው፣ ሦስተኛው እውነቱ ነው። በቻፕሊን ቀልድ «ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሰ ነው፤ መጠጥ እየናጠ ነው» ይሆናል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሳይለወጥ ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም እኩል መስማማት አለበት። ካልተስማማ ቀልዱ ማጭበርበር ይሆንና ተመልካቹ ከመሳቅ ይልቅ ይናደዳል። ከሦስቱ ቀጥሎ መነሻው፣ ማሳሳቻውና መፍቻው ስንት ስንት ፍሬም እንደሚወስዱ ታሰላላችሁ።

እስቲ አንድ አብረን እንሥራ። ቦታው አዲስ አበባ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ታክሲ የሚጠበቅበት መንገድ ዳር ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ እነዚህ ናቸው፦ አምስት ሰዎች አንዱ ካንዱ ኋላ ቆመዋል፤ የታክሲ ሰልፍ ነው፤ የመብራት ምሰሶ ጥላ ውስጥ ተጠልለው ነው።

የመጀመሪያው ሾት ከወገብ በላይ ያሳያል። መሬቱ አይታይም፤ ምሰሶውም ከቀኝ በኩል ከምስሉ ጠርዝ ውጭ ነው። ከፍሬም 1 እስከ 40 አምስቱ ሰዎች ቆመው ብቻ እናያቸዋለን። ለተመልካቹ ሰልፍ መሆኑን ለማወቅ ይህ ይበቃዋል፤ የከተማው ሰውማ ከዚያም ባነሰ ይገባዋል። ከ41 እስከ 88 ዋናው ሰውያችን ከግራ ይገባል፣ የመጨረሻውን ሰው ያያል፣ ከኋላው ይቆማል። ከዚያ እስከ 112 ድረስ ምንም አይሆንም። ይህን አንድ ሰከንድ ለመቁረጥ እጃችሁ ይበላችኋል፤ አትቁረጡት። ተመልካቹ «ሰልፍ ነው» የሚለውን እምነቱን የሚያጸናው እዚህ ላይ ነው።

ከ113 እስከ 148 ሰውየው የሰልፉን ፊት ለማየት አንገቱን ወደ ጎን ያወጣል፤ ፀሐይ ፊቱ ላይ ታርፍና ዓይኑን ይጨፍናል። ይህ ሐቀኛው ፍንጭ ነው። ሰልፍ የያዘ ሰው ሁሉ አንገቱን ስለሚያሰግግ ማንም አይጠረጥርም፤ በኋላ ግን «አሃ፣ ለካ ለዚህ ነበር!» የሚያሰኘው እሱ ነው። ከ149 ጀምሮ ራሱን ወደ ቦታው መመለስ ይጀምራል። መመለሱ 12 ፍሬም ይፈጃል፤ እኛ ግን ግማሹ ላይ፣ 154 ላይ፣ ወደ ሁለተኛው ሾት እንቆርጣለን። ዓይን እንቅስቃሴ ሲከተል ቆረጣውን ስለማያስተውል የካሜራውን ዘዴ ለመጠርጠር ፋታ አያገኝም።

ሁለተኛው ሾት ሰፊና ከፍ ካለ ቦታ የተወሰደ ነው። ምሰሶው፣ መሬት ላይ የተዘረጋው ቀጭን ጥላና ጥላውን ተከትለው የቆሙት ስድስት ሰዎች ሁሉ ይታያሉ። እዚህ ላይ ሰውየው በመጀመሪያው ሾት በነበረበት የምስሉ ክፍል፣ በግራ በኩል፣ መገኘት አለበት። የተመልካቹ ዓይን እሱ ላይ ስለሆነ ከእሱ ይነሳና ጥላውን ተከትሎ ወደ ቀኝ እስከ ምሰሶው ይሄዳል። ሳቁ የሚፈነዳው ይህ ጉዞ ሲያልቅ ነው። ለጉዞው አንድ ሰከንድ ያህል ስጡት፤ በዚያ ጊዜ ከኋላ መኪና አይለፍ፣ ውሻ አይሩጥ። ሾቱ በጠቅላላ 72 ፍሬም ይቆያል። ሙሉው ቀልድ ከዘጠኝ ሰከንድ ጥቂት ቢበልጥ ነው።

ፀሐይዋ ግን አታዝንላችሁም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የምሰሶው ጥላ ስድስት ሰው ለማሰለፍ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ቶሎ ቶሎ እያጠረ ይሄዳል። ስለዚህ በፊልሙ ሁለተኛ የሆነው ሰፊ ሾት መጀመሪያ ይቀረጽ። የቅርቡ ሾት መሬት ስለማያሳይ ጥላው ቢያጥርም አይጋለጥም።

አሁን ተመልካቹ ምስጢሩን አውቋል። በቀልዱ ላይ ሌላ ቀልድ ለመደረብ ከፈለጋችሁ ይህን አዲስ እውቀቱን መጠቀም አለባችሁ። ለዚህ በስተር ኪተን እ.ኤ.አ. በ1920 በሠራው «ዋን ዊክ» ውስጥ ያለውን መጨረሻ እዩ። ባልና ሚስቱ ቤታቸውን ወደ ሌላ ቦታ ሲጎትቱ ሐዲድ ላይ ተቀርቅሮባቸዋል። ባቡር እየመጣ ነው። ዓይናቸውን ከድነው አደጋውን ይጠብቃሉ፤ ባቡሩ ግን በጎን ባለው ሌላ ሐዲድ ያልፋል። «ተመስገን» ብለን ስንተነፍስ ከተቃራኒው አቅጣጫ ሌላ ባቡር መጥቶ ቤቱን ይበታትነዋል። ሁለተኛው ባቡር ወዲያው ቢመጣ ኖሮ ለመተንፈስ ጊዜ አናገኝም ነበር፤ በጣም ቢዘገይ ደግሞ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እናስብ ነበር። የደረሰው ትከሻችን ዝቅ ሲል ነው።

በእኛም ቀልድ የጥላው ሳቅ ከፍ ብሎ መውረድ ሲጀምር ሚኒባስ ታክሲ ይመጣል። 72 ፍሬም የቆየነውም ለዚሁ ነው። አምስቱ ሰዎች ወደ ታክሲው ይሮጣሉ። ሰውያችን ሁሉንም ቀድሞ ይገባና በመስኮቱ በኩል በኩራት ይቀመጣል። 30 ፍሬም ያህል የኩራት ፊቱን ብቻ እናያለን። ከዚያ በሰፊው ሾት ስናይ ሌሎቹ በታክሲው ጥላ በኩል ተደርድረው ቆመዋል። ታክሲ ሳይሞላ አይሄድምና ረዳቱ ባዶ ወንበሮቹን ያያል፣ ቀና ብሎ ፀሐይዋን ያያል፣ 48 ፍሬም ያስባል፣ ከዚያ እሱም ሄዶ ጥላው ውስጥ ይቆማል። ሰውየው ብቻውን ታክሲው ውስጥ ላቡን ይጠርጋል።

በስልክ የምትቀርጹ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ስልኮች ሳታስተካክሏቸው በሰከንድ 30 ፍሬም ይቀርጻሉ። በዚያ ፍጥነት 72 ፍሬም ሦስት ሰከንድ መሆኑ ይቀርና 2.4 ሰከንድ ይሆናል። ወይ ስልኩን 24 ላይ አድርጉት፣ ወይ እዚህ ያሉትን ቁጥሮች በ1.25 አባዙ፤ 72ቱ 90 ይሆናል ማለት ነው። በድምፅ አልባው ዘመን ካሜራው በእጅ እየተዘወረ ሲቀረጽ ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ ከ24 ያነሰ ነበር፤ ፊልሙ ሲታይ ደግሞ ከተቀረጸበት ፈጠን ይላል። የዚያ ዘመን ኮሜዲያን እንደ ፌንጣ የሚፈናጠሩት በከፊል ለዚህ ነው። እናንተም ሩጫውን ብቻ ትንሽ ልታፈጥኑት ትችላላችሁ፤ ጥበቃውን ግን አትንኩት።

ቁጥሮቹ ትክክል መሆናቸውን የሚነግራችሁ ቀልዱን የማያውቅ ሰው ነው። አጠገቡ ተቀመጡና ስክሪኑን ትታችሁ ፊቱን እዩ። ሰውየው አንገቱን ሲያሰግግ ከሳቀ ምስጢሩ ሾልኳል፤ የጥላው ጠርዝ ሰው ልብስ ላይ ይታይ እንደሆነ መርምሩ፣ ከዚያ የማሰገጉን ጊዜ አራት ፍሬም አሳጥሩ። ሰፊው ሾት ሊያልቅ ሲል ከሳቀ ዓይኑ መንገድ ጠፍቶት ነበር፤ ምስሉን አራቁቱት ወይም ፍሬም ጨምሩ። ጨርሶ ካልሳቀ አብዛኛው ሰው መፍቻውን ለማጋነን ይሮጣል፤ ጥላውን ያጠቁራል፣ ሰውየውን ያስጮኸዋል። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። ተመልካቹ ሰልፍ መሆኑን ከልቡ ካላመነ የሚፈርስ ነገር የለም።

አንድ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ፣ በአራት በአራት ፍሬም እየለወጣችሁ ለአዲስ ሰው አሳዩ፤ ቀልዱን አንዴ ያየ ሰው ከእንግዲህ አይጠቅማችሁም። ስለዚህ ጓደኞቻችሁን በቁጠባ ተጠቀሙባቸው፣ በጣም ቶሎ የሚስቀውን ደግሞ ለመጨረሻው ቅጂ አስቀሩት።