«ካለሽ» የምትለው ቃል

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ቡና ተፈልቶ ጎረቤታችን መጣች። አቦሉን እየጠጣች ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ገበያው ስታወራ ቆየች። ቶናው ሲቀዳ ስኒዋን በሁለት እጇ ይዛ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ብዬ ነበር።»

«ምነው፣ በደህና?» አለች እናቴ።

«ደህና ነው። የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶብኝ፣ ዕቁቡም ገና አልወጣልኝም። እንዲያው ካለሽ፣ መቶ ብር ቢጤ እስከ ደመወዝ ድረስ... ከሌለሽም ግዴለም፣ ሌላ ጋ እሞክራለሁ።»

እናቴ ጀበናውን አዘንብላ አየችው። «እስቲ ሐሙስ ድረስ ልየው» አለቻትና ወሬው ወደ ሌላ ሄደ።

«መቶ ብር አበድሪኝ» ብትል ሦስት ቃል ይበቃት ነበር። ግን እነዚያ ሦስት ቃላት እናቴን ከሁለት ነገር አንዱን እንድትመርጥ ያስገድዷታል፤ ወይ ትሰጣለች፣ ወይ «አልሰጥም» ትላለች። «አልሰጥም» ደግሞ ጠያቂዋን ፊት መንሳት ነው። እናቴም ብትሆን ብትሰጥ ተገዳ፣ ብትከለክል ጨካኝ ሆና ትታያለች። ጎረቤታችን የጨመረቻቸው ቃላት ሁሉ ይህን አጣብቂኝ የሚያላሉ ነበሩ።

እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። «ላስቸግርሽ ብዬ ነበር» ስትል ጥያቄው ገና ሳይነገር ወደ ኋላ ሄዷል። ነገሩ የአሁን ፍላጎት ሳይሆን የትናንት ሐሳብ ስለሆነ፣ የእናቴ ፊት ከጠቆረ «ተይው፣ ግዴለም» ብላ ልትመልሰው ትችላለች። «ቢጤ» መጠኑን ታለዝበዋለች፤ ሃምሳ ብር ይዞ መምጣትም እንደ መስጠት እንዲቆጠር ታደርጋለች። «ሌላ ጋ እሞክራለሁ» ደግሞ የልጁን ክፍያ ሸክም ከእናቴ ትከሻ ላይ ያነሳዋል።

ከሁሉም ግን «ካለሽ» ትበልጥብኛለች። ይህች ቃል የእምቢታውን ምክንያት አዘጋጅታ ለተጠያቂዋ ታስረክባለች። እናቴ ካልሰጠች የማትሰጠው ስለሌላት ነው፤ ጎረቤቷን ስላላመነቻት ወይም ስላልወደደቻት አይደለም። የሁለቱም ፊት ይተርፋል።

ይህ የአማርኛ ብቻ ልማድ አይደለም። ኤለን ፍራንሲክ እና ኸርበርት ክላርክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1985 እንዳሳዩት፣ ሰው ሲጠይቅ ጥያቄውን የሚቀርጸው ሊያደናቅፈው ይችላል ብሎ በሚገምተው ነገር ዙሪያ ነው። መንገድ ላይ የማናውቀውን ሰው «ሰዓት ይዘሃል?» የምንለው ለዚህ ነው። ስንት ሰዓት እንደሆነ እንዳይነግረን የሚያግደው ሰዓት አለመያዙ ሊሆን ስለሚችል በሩን እዚያ ላይ እንተውለታለን። ባለሱቁንም «ዝርዝር ይኖርሃል?» እንጂ «ዘርዝርልኝ» አንለውም።

አማርኛችን ክብርን ከፊት ጋር አስተሳስሮታል፤ ፊት እንሰጣለን፣ ፊት እንነሳለን። ሶሺዮሎጂስቱ ኧርቪንግ ጎፍማንም ሰዎች በንግግር መካከል አንዱ የሌላውን ክብር እንዴት እንደሚጠብቁ በ1955 ሲጽፍ «ፊት» የሚለውን ቃል ነው የተጠቀመው። ፔኔሎፒ ብራውን እና ስቲቨን ሌቪንሰን ሐሳቡን ወስደው ፊትን ለሁለት ከፈሉት። አንደኛው ተወድዶና ተከብሮ የመታየት ፍላጎት ነው። ሁለተኛው ማንም ሳያስገድደኝ ልኑር የማለት ፍላጎት ነው። ጥያቄ ሁለተኛውን ይነካል፣ እምቢታ ደግሞ አንደኛውን። ቃላችንን ምን ያህል እንደምናለዝብ የሚወስኑትም ሦስት ነገሮች ናቸው ይላሉ፤ በመካከላችን ያለው ርቀት፣ የሥልጣን ልዩነቱና የጥያቄው ክብደት። ጎረቤታችን ጨው ለመዋስ ብትመጣ ኖሮ ከበሩ ላይ «እትዬ፣ እስቲ ጨው!» ብላ ትገባ ነበር። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ ክብደቱ ግን ተለውጧል።

ታዲያ የትእዛዝ አንቀጽ በራሱ ስድብ ነው ማለት አይደለም። እንግዳ ማዕድ ላይ ሲቀመጥ «ብላ እንጂ! በሞቴ! አንድ ጉርሻ ብቻ!» እንላለን። በሰዋስው ካየነው «ብላ» ትእዛዝ ነው፤ «ካላስቸገርኩህ ትበላ ይሆን?» የሚል አስተናጋጅ ግን ምግቡ እንዲተርፍለት የፈለገ ይመስላል። ልዩነቱ ጥቅሙ የማን ነው የሚለው ላይ ነው። ድካሙ በተጠያቂው ላይ ሲወድቅ የማምለጫ በር እንከፍታለን፤ ጥቅሙ የእሱ ሲሆን በሩን መዝጋቱ ነው ክብሩ። እንግዳው በይሉኝታ «ጠግቤያለሁ» እንደሚል ስለምናውቅ ሰበቡን ቀድመን እንቀማዋለን።

ብዙ ሰው ነገሩ በተሸፋፈነ ቁጥር ጨዋነቱ ይጨምራል ብሎ ያስባል። እስራኤላዊቷ የቋንቋ ምሁር ሾሻና ብሉም-ኩልካ የዕብራይስጥና የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ስትጠይቅ ያገኘችው ውጤት ይህን አያረጋግጥም። እንደ «ትችላለህ?» ያለው የተለመደ ለስላሳ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ ጨዋ ተባለ፤ አግቦው ግን አልተባለም። ምክንያቱ ለእኔም ግልጽ ነው። «ይሄ ክፍል እንዴት ይበርዳል!» ያለን ሰው መስኮቱ እንዲዘጋለት ፈልጎ ይሁን እንዲሁ አስተያየት እየሰጠ ይሁን ማሰብ ያለበት አድማጩ ነው። ድካሙ ከጠያቂው ወደ ተጠያቂው ዞረ ማለት ነው።

ጊዜ በሌለበት ቦታ ደግሞ ይህ ዓይነቱ ልስላሴ ሕይወት ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 1982 ዋሽንግተን ላይ በረዶ እየጣለ አንድ የኤር ፍሎሪዳ ቦይንግ 737 ለመነሳት ሲንደረደር፣ ረዳት አብራሪው መለኪያዎቹ የሚያሳዩት ነገር ትክክል እንዳልሆነ ደጋግሞ ተናገረ። በረዶ የመለኪያውን ቀዳዳ ስለደፈነው የሞተሮቹ ግፊት ከእውነተኛው በላይ ይነበብ ነበር። ረዳቱ ያየውን ጥርጣሬ ተናገረ እንጂ «እናቁም» አላለም፤ ዋናው አብራሪ ደግሞ ምንም የለም ብሎ አለፈው። አውሮፕላኑ ድልድይ ገጭቶ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ድልድዩ ላይ የነበሩትን አራት ሰዎች ጨምሮ 78 ሰው ሞተ። የአደጋው መርማሪዎች፣ ረዳቱ እየተናገረ አብራሪው መንደርደሩን አለማቋረጡን ከአደጋው መንስኤዎች አንዱ አድርገው መዘገቡት።

ቋንቋን የሚያጠኑ ሰዎች ከዚያ በኋላ የአብራሪዎችን ንግግር ሲመረምሩ፣ የበታቹ ለአለቃው ሲናገር ቃሉን ይበልጥ እንደሚያለዝብና የለዘበውም ሐሳብ ሳይሰማ እንደሚቀር አዩ። ዛሬ አብራሪዎች በሥልጠና የሚማሩት አለቃን በስም ወይም በማዕረግ ጠርቶ ስጋቱንና ችግሩን መናገር፣ መፍትሔውን መጥቀስ፣ ከዚያ መስማማቱን መጠየቅ ነው። አክብሮቱ በአጠራሩ ይቀራል፤ ጥያቄው ግን ራቁቱን ይወጣል። እኔ ይህን ሳነብ ትዝ የሚለኝ ሆስፒታል ውስጥ «እንዲያው ትንሽ ያመኛል» የሚል አባት ነው። ሐኪሙን ላለማስቸገር ሲል ሦስት ሌሊት ያላስተኛውን ሕመም «ትንሽ» ይለዋል። እዚያ ቦታ ላይ ልጁ ጣልቃ ገብታ «ዶክተር፣ ሦስት ቀን አልተኛም» ብትል አባቷን አላዋረደችም።

የእናቴ ነገር ግን እንደዚያ አጣዳፊ አልነበረም። ሐሙስ ደረሰ፣ አለፈም። እናቴ ብሩ አልሞላላትም፤ «የለኝም» ብላም አላከች። ጎረቤታችንም አልመጣችም፣ አላስታወሰችም። ዓርብ ጠዋት እናቴ አንድ ሰሃን ሽሮ አስይዛ እኔን ላከችኝ። ጎረቤታችን ሰሃኑን ተቀብላ ገለበጠችው፣ አጠበችው፣ ባዶውን እንዳልመልስ ጥቂት ቆሎ አደረገችበትና «ቅዳሜ ቡናው እኔ ጋ ነው በያት» አለችኝ።