ከአራት ዓምድ ወደ አንድ ታሪክ፦ ዝሆኔና ድባቴ ያለባቸው አንዲት የወላይታ እናት ምሳሌ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ በየዓመቱ የማርማቸው የተማሪዎች የሕመምተኛ ሪፖርቶች ናቸው። ተማሪው አራት ዓምድ ያሰምርና አጋላጭ፣ ቀስቃሽ፣ አቆዪ እና ተከላካይ ምክንያቶችን ይሞላል። ሰንጠረዡ ይሞላል፤ ይህ ሰው በዚህ ጊዜ ለምን ታመመ፣ ለምንስ አልተሻለውም የሚለው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ይቀራል። ሰንጠረዡ መረጃ ማሰባሰቢያ ነው። ኬዝ ፎርሙሌሽን የሚጀምረው አንዱ ምክንያት ሌላውን እንዴት እንደሚያስከትል ስናሳይ ነው።

ለማስተማሪያ ያዘጋጀሁትን ምሳሌ እንመልከት። በሶዶ ዙሪያ ገጠር የሚኖሩ የ38 ዓመት እናት ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥተዋል፤ ምግብ አስጠልቷቸዋል፤ ቅቤ ይሸጡበት የነበረውን ገበያ ትተው ቤት ውለዋል። እግሮቻቸው በዝሆኔ፣ ማለትም በፖዶኮኒዮሲስ አብጠዋል። ስለ ሞት ያስቡ እንደሆነ ሲጠየቁ «ምነው ባልነጋ እላለሁ፤ ራሴን ግን አላጠፋም» ይላሉ። ምርመራው ድባቴ ነው።

ዝሆኔ በዚህ አካባቢ የሚመጣው በባዶ እግር ከቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ጋር ለዓመታት በመነካካት ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት ተጋላጭነቱ በዘር የሚወረስ ገጽታ እንዳለውም አሳይቷል። ብዙ ተማሪዎች ይህንኑ በአጋላጭ ዓምድ ጽፈው ያልፋሉ። ነገር ግን ይህ የእግሩን ሕመም እንጂ ድባቴውን አያስረዳም። ለድባቴው ያጋለጣቸው ሌላ ነው። የእኚህ ሴት እናትም ዝሆኔ ነበረባቸው፤ ጎረቤት በተለየ ዕቃ ሲያጠጣቸው ልጅ ሆነው አይተዋል። «እግሩ ያበጠ ከሰው አይቆጠርም» የሚለው እምነት ያደረባቸው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን መረጃ ስንጽፍ የትኛውን ችግር እንደሚያስረዳ አስቀድመን እንጠይቅ።

ቀስቃሹስ ምንድን ነው? እግሩ ካበጠ 15 ዓመት ሆኖታል፤ እሳቸውም በዚያ ሁሉ ጊዜ ገበያ ይወጡ ነበር። ስለዚህ እብጠቱ ቀስቃሽ ሊሆን አይችልም። ከሦስት ወር በፊት ግን እግራቸው ተቆጥቶ በትኩሳት ሳምንት ተኙ። በዚያው ወር የታጨች ልጃቸው «በዘራቸው ዝሆኔ አለ» ተብሎ እጮኝነቷ ፈረሰ። በልጅነታቸው ያደረባቸውን እምነት ይህ ክስተት ያረጋገጠላቸው መሰላቸው፤ እፍረቱም ከራሳቸው አልፎ ለልጃቸው ተረፈ።

ሕመሙን የሚያቆየው ደግሞ ክብ ነው። ከሰው ስለሸሹ ገቢያቸው ቀነሰ፤ ሳሙናና ቅባት መግዛት አቆሙ። ተስፋ ስለቆረጡም እግራቸውን አይታጠቡም። ያልታጠበ እግር ይሸታል፤ ደጋግሞም ይቆጣል። ጎረቤት በሽታው ሲርቃቸው እምነታቸው ይጸናል፤ ይበልጥም ይሸሻሉ። «ድህነት፣ መገለል፣ ሕክምና አለመከታተል» ብለን ብንዘረዝር ይህ ዙር አይታየንም ነበር።

ተከላካይ ምክንያቶች በሪፖርቱ ግርጌ ለጌጥ የሚጻፉ አይደሉም፤ ክቡ በየት በኩል ሊቆረጥ እንደሚችል ያመለክታሉ። እኚህ እናት ከዚህ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ እግራቸውን በየቀኑ ታጥበው፣ ቅባት ቀብተው፣ ካልሲና ጫማ አድርገው እብጠቱ ቀንሶላቸው ነበር። እህታቸው በየሳምንቱ ገበያ ትወጣለች። ባለቤታቸውም የእድር መዋጮውን አላቋረጡም።

በካርዱ ላይ የሚጻፈው ቅንብር እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፦ «የእናታቸውን መገለል እያዩ ያደጉትና ያበጠ እግር ክብር ያሳጣል ብለው ያመኑት እናት፣ ሕመማቸው በተቆጣበት ወር የልጃቸው እጮኝነት ሲፈርስ ድባቴ ያዛቸው። መሸሻቸው ገቢያቸውንና የእግር እንክብካቤያቸውን አቋረጠ፤ ይህም መገለሉን አባባሰው። ቀድሞ ያወቁት የእግር እንክብካቤና የእህታቸው ድጋፍ ዙሩን ለመቁረጥ ያስችላሉ።»

ዕቅዱ ከዚህ ይወጣል። የድባቴው ሕክምና ይጀመራል፤ ስለ ሞት ያላቸው ሐሳብ በየቀጠሮው ይጠየቃል። ሳሙናና ቅባት ተሟልቶ እጥበቱ ይቀጥላል፤ ከዚያም ከእህታቸው ጋር ወደ ገበያ ይመለሳሉ።

ቅንብሩ መላምት ነውና ከአራት ሳምንት በኋላ ይፈተሻል። እግሩ ተሽሎት አሁንም ከሰው የሚሸሹ ከሆነ፣ ዋናው ማሰሪያ ሽታው ሳይሆን እምነቱ ነው፤ ሥራችንም ወደዚያው ይዞራል። ገበያ ወጥተው ስሜታቸው ካልተነሣ ደግሞ ያልጠየቅነው ነገር አለ፤ የደም ማነስ፣ ሐዘን ወይም በቤት ውስጥ ያለ ጥቃት ሊሆን ይችላል።

ሪፖርታችሁን ከማስረከባችሁ በፊት የሕመምተኛውን ስም በሌላ ሕመምተኛ ስም ተክታችሁ አንብቡት። ታሪኩ ሳይፋለስ ከተነበበ፣ የጻፋችሁት ገና ዝርዝር ነው።