ሰባት እጥፍ ሲባል ምን ማለት ነው?

ክሬዲት ስኮሪንግ የተማረ ሰው አንድ የጀርመን መዝገብ ሳያገኘው አይቀርም። የ1,000 ብድሮች መዝገብ ነው፤ 700ዎቹ በወጉ ተከፍለዋል፣ 300ዎቹ ተበላሽተዋል። የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሃንስ ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1994 ለተመራማሪዎች ክፍት ካደረጉት ወዲህ የተማሪዎች መለማመጃ ሆኗል። የቤት ሥራውም የተለመደ ነው፦ ብድሩ ይበላሽ እንደሆነ በሎጂት ሞዴል ገምቱ፣ ውጤቱን በቃል አስረዱ። ግምቱን ኮምፒዩተሩ በቅጽበት ይጨርሰዋል። ተማሪ የሚሳሳተው ሲያስረዳ ነው።

በመዝገቡ ካሉት 20 መረጃዎች አንዱን ብቻ እንውሰድ፤ ተበዳሪው ባንክ ውስጥ ያለውን የተንቀሳቃሽ ሂሳብ ሁኔታ። አራት ምድብ አለው። በመጀመሪያው ምድብ ካሉት 274 ሰዎች 135ቱ አልከፈሉም፣ 139ኙ ከፍለዋል። በአራተኛው ምድብ ደግሞ ከ394ቱ ያልከፈሉት 46 ብቻ ናቸው፤ 348ቱ ከፍለዋል።

ሎጂት የሚሠራው በመቶኛ ሳይሆን በኦድስ ነው። ኦድስ ያልከፈሉት ቁጥር ለከፈሉት ሲካፈል የሚገኘው ነው፦ በመጀመሪያው ምድብ 135 ለ139፣ ማለትም 0.971፤ በአራተኛው 46 ለ348፣ ማለትም 0.132። አንዱን ለሌላው ስናካፍል 7.35 ገደማ ይወጣል። ኦድስ ሬሾ የሚባለው ይህ ነው። በስታታ የምንጽፈው እንዲህ ነው፦

```
logit bad i.account, or
margins, dydx(account)
```

የመጀመሪያው መስመር መነሻ የሚያደርገው አንደኛውን ምድብ ስለሆነ ለአራተኛው 0.136 ያሳያል፤ 1 ለዚህ ሲካፈል ያው 7.35 ነው።

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ «የመጀመሪያው ምድብ ሰዎች ብድር የማበላሸት ዕድላቸው ሰባት እጥፍ ይበልጣል» ብሎ ይጽፋል። ስህተት ነው። ዕድሉን ለማወቅ ያልከፈሉትን ለጠቅላላው ማካፈል ያስፈልጋል፦ በአንደኛው ምድብ 49.3 በመቶ፣ በአራተኛው 11.7 በመቶ። ልዩነቱ አራት እጥፍ ከትንሽ ነው እንጂ ሰባት አይደለም። ሰባት እጥፍ የሆነው ኦድሱ ነው። ሁለተኛው መስመር የሚሰጠው ማርጂናል ኢፌክት ግን በቀጥታ ስለ ዕድሉ ይናገራል፦ ከአንደኛው ወደ አራተኛው ምድብ ሲኬድ የመበላሸት ዕድሉ በ37.6 መቶኛ ነጥብ ይቀንሳል። ብድር ለሚፈቅድ ሰው የሚጠቅመው ይህኛው አነጋገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከ100 ተበዳሪዎች ስንቱ እንደሚቀርበት ይነግረዋልና።

ቁጥሩን በትክክል ማንበብ ብቻውን ግን አይበቃም። ለዓመታት ከመዝገቡ ጋር በተሰራጨው መግለጫ መሠረት አንደኛው ምድብ ሂሳባቸው ከዜሮ በታች የወረደ፣ አራተኛው ደግሞ ጭራሽ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ከሁሉም ይልቅ የሚታመነው ባንክ ውስጥ ሂሳብ የሌለው ሰው ነው የሚል ድምዳሜ ይወጣ ነበር። ይህ ለማንም የብድር ሠራተኛ ግራ የሚያጋባ ውጤት ነው፤ አንድ ነገር እንደተዛባ የሚጠቁመውም እንዲህ ያለው እንግዳ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የበርሊኗ የስታቲስቲክስ ምሁር ኡልሪከ ግሮምፒንግ ወደ ቀደሙት የጀርመንኛ ሰነዶች ተመልሰው የኮዶቹ ትርጉም መዛባቱን አሳዩ። ሂሳብ የሌላቸው አንደኛዎቹ ናቸው፤ አራተኛዎቹ 200 ማርክና ከዚያ በላይ ያላቸው ወይም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ደመወዝ የገባላቸው ናቸው። ኦድስ ሬሾው ያው 7.35 ሆኖ ሳለ ስለ ተበዳሪዎቹ የሚነገረው ታሪክ ተገለበጠ።

ከሰነዶቹ የሚገኝ ሌላም ነገር አለ። ብድሮቹ ከ1973 እስከ 1975 በደቡብ ጀርመን የተሰጡ ሲሆኑ፣ የተበላሹት ሆን ተብሎ ከድርሻቸው በላይ ተመርጠው ገብተዋል። በእውነተኛ ባንክ ከ100 ብድር 30 አይበላሽም። የሚበላሸው 5 ነው ብለን እናስብና ሁለቱን ምድቦች እንደገና እናስላ። አንደኛው ምድብ ወደ 10.7 በመቶ፣ አራተኛው ወደ 1.6 በመቶ ይወርዳሉ። ኦድስ ሬሾው አሁንም 7.35 ነው፤ አልተነካም። ማርጂናል ኢፌክቱ ግን ከ37.6 ወደ 9 ነጥብ ገደማ አሽቆልቁሏል። ምክንያቱም በሎጂት አንዱ ኮኤፊሸንት ዕድሉን አብዝቶ የሚያንቀሳቅሰው 50 በመቶ አካባቢ ነው፤ ወደ ዜሮ በተጠጋን ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል።

ስለዚህ ከዚህ መዝገብ የተገኘን ኦድስ ሬሾ ወደ ሌላ የብድር ስብስብ ይዞ መሄድ ይቻል ይሆናል፤ 37.6ን ግን አይቻልም። በቤት ሥራው ላይ ማርጂናል ኢፌክት የሚጽፍ ተማሪ ከአጠገቡ ከስንት በመቶ ተነስቶ እንዳሰላው አብሮ ይጻፍ።